ለምን 150? ትንሽ ሕዝብ፣ ጠባብ በጀትና የናሙና ቁጥር

እንደምን ዋላችሁ? ጊዜያችሁን ሰጥታችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ፕሮፖዛል የምትጽፉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ፕሮፖዛል የምትገመግሙም አላችሁ። የዛሬው ወሬዬ ለሁለታችሁም ነው።

በአንድ ጥያቄ ልጀምር። ከጥቂት ዓመታት በፊት ፕሮፖዛሌን ይዤ ገምጋሚዎች ፊት ቆሜ ነበር። ጥናቱ የሙያ ሥልጠና ጨርሰው የወጡ ሰዎች በሰለጠኑበት ሙያ እየሠሩ ነው ወይ የሚል ነበር። ዝርዝሩ ላይ 463 ስም አለ። የናሙናው መጠን 215 ብዬ ጽፌያለሁ። አንዷ ገምጋሚ መነጽራቸውን አውልቀው፣ ረጋ ብለው ጠየቁኝ፦ «ለምን 215?»

«በያማኔ ፎርሙላ ነው» አልኩ።

«እሱን አይቼዋለሁ። ፎርሙላው ውስጥ ያስገባኸውን 0.05 ማን ወሰነው?»

መልስ አልነበረኝም። ሁሉም ሰው 0.05 ስለሚጽፍ ጻፍኩ እንጂ፣ የስህተት ህዳጉ፣ ማለትም መልሳችን ከእውነቱ ሊርቅ የሚችልበት መጠን፣ ለምን አምስት በመቶ እንደሆነ አንድም ቀን ራሴን ጠይቄ አላውቅም። ብዙም ሳይቆይ ደግሞ በጀቱ ተቀነሰ። የቀረው ገንዘብ ሦስት ጠያቂዎችን ለ10 ቀን ብቻ ያሠራል። በሙከራው እንዳየነው አንድ ጠያቂ፣ ሰው ፍለጋ የሚመላለስበት ጊዜ ተቆጥሮ፣ በቀን 5 መጠይቅ ይጨርሳል። ሦስት ሲባዛ በ10፣ ሲባዛ በ5፤ 150 ሰው። ከዚያ በላይ አንዲትም መጠይቅ የለችም።

እንግዲህ ፎርሙላው 215 ይላል፣ ገንዘቡ 150 ይላል። ምን ታደርጋላችሁ?

ያኔ ወዳጆቼ ሁለት መውጫ ጠቆሙኝ። የመጀመሪያው፦ «ፎርሙላው ውስጥ ቁጥሯን ነካ አድርጋት፤ 150 ትመጣልሃለች።» ሁለተኛው፦ «ምን አስጨነቀህ? ፎርም በኦንላይን ለሁሉም ላክ። የመለሰው ይመልሳል።» ሁለቱም ከቅን ልብ የመጣ ምክር ነው። ሁለቱም አያዋጣም። ለምን እንደማያዋጣ እነግራችኋለሁ።

ሦስት ነገር ላይ ነው የምናገረው። አንደኛ ዝርዝሩ፣ ሁለተኛ ቁጥሩ፣ ሦስተኛ ሳይመልሱ የሚቀሩ ሰዎች። ሁለተኛው ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፤ ታገሱኝ።

አንደኛ፣ ዝርዝሩ።

የጥናታችሁ ሕዝብ ትልቅ ሲሆን ዝርዝሩ ላይ ያለች ትንሽ ግድፈት ትዋጣለች። ትንሽ ሲሆን ግን እያንዳንዷ ስም ትቆጠራለች። ገምጋሚዋ ከጠየቁኝ በኋላ ወደ ቤት ገብቼ 463ቱን ስሞች በስልክ ቁጥራቸው ደረደርኳቸው። ወዲያው ዓይን ላይ ወጣ። አንድ ስልክ፣ ሁለት ስም። ኃይሉ አንድ ቦታ በ«ኃ» ተጽፏል፣ ሌላ ቦታ በ«ሀ»። ሁለት ሰው አይደሉም፤ አንድ ሰው ሁለት ጊዜ ተመዝግቦ ነው። እንዲህ ያለ 29 ተገኘ። ሌሎች 14 ደግሞ ተመዝግበው ነበር እንጂ ሥልጠናውን አልጨረሱም። ጥናቱ የሚመለከተው የጨረሱትን ብቻ ነው። 463 ሲቀነስ 29፣ ሲቀነስ 14፤ 420።

ስሙ ሁለቴ የተጻፈ ሰው ዕጣ ሲወጣ ሁለት ዕድል አለው። ይህ ብቻውን ናሙናውን ያዛባል።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር አጥብቄ ልለምናችሁ። ስልኩ የማይሠራ ሰው አገኛችሁ እንበል። ከዝርዝሩ አታውጡት! አታውጡት። ሥልጠናውን ጨርሷል፤ ስለዚህ ከሕዝቡ አንዱ ነው። ስልክ የቀየረው ምናልባት ሥራ ፍለጋ ሌላ ቦታ ሄዶ ሊሆን ይችላል። እሱን ሰርዛችሁ ስንት ሰው ሥራ እንዳገኘ ብትለኩ፣ ስትጀምሩ ነው መልሱን ያበላሻችሁት። የሚሰረዘው ጥናቱ የማይመለከተው ሰው ብቻ ነው። ለመገኘት ያስቸገረ ሰው ይቆያል።

ሁለተኛ፣ ቁጥሩ።

አሁን 420 ሰው አለን። አብዛኞቻችሁ የምታውቁትን የኮክራንን መንገድ እንከተል። የመተማመን ደረጃው 95 በመቶ፣ የስህተት ህዳጉ 5 በመቶ ይሁን። መልሱ ወዴት እንደሚያጋድል ስለማናውቅ 0.5 እናስገባለን፤ ትልቁን ናሙና የሚጠይቀው እሱ ስለሆነ ከዚያ የባሰ አይመጣብንም።

```
n0 = 1.96^2 * 0.5 * 0.5 / 0.05^2 = 384.16
n  = 384.16 / (1 + (384.16 - 1) / 420) = 200.9
```

የመጀመሪያው መስመር ሕዝቡ ገደብ የለውም ብሎ ነው የሚያሰላው። 385 ሰው ይላል። ከ420 ሰው 385 ጠይቁ ማለት ነው! ሁለተኛው መስመር ሕዝቡ ትንሽ መሆኑን ቆጥሮ ያርማል። 201 ይላል። በያማኔ ብትሠሩት 205 ይመጣል። ልዩነቷ የመጣችው ያማኔ 1.96ን ወደ 2 ስለሚያጠጋው ነው። በሁለቱ መካከል የሚያጣላ ነገር የለም።

ይህ እርማት ከየት መጣ? ፎርሙላውን ለጊዜው እንርሳው። 420 ሰው አለ። 150ውን ጠየቃችሁ እንበል። ስለ 150ዎቹ የቀረ ጥርጣሬ አለ? የለም፤ ጠይቃችኋቸዋል። የማታውቁት የቀሩትን 270 ብቻ ነው። ከአንድ ሚሊዮን ሰው 150 ብትጠይቁ ግን ጥርጣሬው በሙሉ እንዳለ ነው። እርማቱ ይህንን ነው የሚቆጥረው። ካወቃችሁት ተርፎ ያልታወቀው ስንት ነው? ይኸው ነው።

በዚሁ ስሌት፣ ለዚሁ 5 በመቶ፣ ከ10,000 ሰው 370 ያስፈልጋል። ከ100 ሰው 80። ከ50 ሰው 45። የመጨረሻዋን እዩልኝ። ከ50 ሰው 45 ለመምረጥ ዕጣ ማውጣት ምን ያደርጋል? አምስቱን ጨምሩና ሁሉንም ጠይቁ። ከመቶ በታች ላለ ሕዝብ መጀመሪያ «ሁሉንም መድረስ እችላለሁ ወይ?» ብላችሁ ብትነሱ ይሻላል።

አንድ ማስጠንቀቂያ። እርማቱ የሚሠራው ስለ እነዚህ 420 ሰዎች ብቻ ስትናገሩ ነው። «ይህ ሥልጠና ወደፊት ለሚገቡትም ይጠቅማል» ልትሉ ከሆነ፣ ሕዝባችሁ 420 መሆኑ ቀርቷል። ያኔ እርማቱን መጠቀም አይገባም።

ወደ ችግራችን እንመለስ። ስሌቱ 201 አለ። ኪስ 150 አለ። አሁን ጥያቄውን ገልብጡት። «5 በመቶ ለማግኘት ስንት ሰው?» የሚለውን ተዉት። «150 ሰው ምን ያህል ትክክለኛነት ይሰጠኛል?» ብላችሁ ጠይቁ።

```
e = 1.96 * sqrt(0.25/150 * (420-150)/(420-1)) = 0.064
```

6.4 በመቶ። ያለ እርማቱ ብታሰሉት 8 በመቶ ይሆን ነበር። ሕዝቡ ትንሽ በመሆኑ ብቻ 1.6 ነጥብ በነጻ አገኛችሁ። ይህን ሳያሰሉ «ናሙናዬ አነሰ» ብለው የሚያፍሩ ስንቶች ናቸው!

እዚህ ላይ ነው የመጀመሪያው ወዳጄ ምክር የሚመጣው፦ «ቁጥሯን ነካ አድርጋት።» ያማኔ ውስጥ 0.05 የነበረውን 0.0655 ብታደርጉ በትክክል 150 ይወጣል። ወይም የመተማመን ደረጃውን ከ95 ወደ 90 ዝቅ አድርጉት፤ 6.4ቷ 5.4 ትሆናለች። ታዲያ ምን ተለወጠ? ሰዎቹ ያው 150 ናቸው። መልሳቸው ያው ነው። የተለወጠው ወረቀቱ ላይ ያለው ጽሑፍ ብቻ ነው። ገምጋሚ 0.0655ን ሲያይ ከየት እንደመጣች ወዲያው ይገባዋል። ከዚያ ይልቅ ፊት ለፊት ንገሩት፦ «በጀቴ 150 ሰው ይችላል። 150 ሰው 6.4 ይሰጠኛል።» ይህ ማንም ፊት የሚቆም መልስ ነው።

ቀጥሎ «6.4 ይበቃል ወይ?» ትባላላችሁ። መልሱ ያለው ውጤቱን ተቀብሎ ውሳኔ በሚሰጠው ሰው ዘንድ ነው። እኔ ሄጄ ጠየቅኩ። «ስንት በመቶ ሰው በሙያው ሲሠራ ቢገኝ ነው ሥልጠናውን የምትቀጥሉት?» ስላቸው «ቢያንስ ግማሹ» አሉኝ። እንግዲህ ውጤቱ 60 ቢመጣ፣ 6.4 ስንቀንስለት 53.6 ነው። ከግማሽ በላይ ነው፤ አለቀ። ውጤቱ 52 ቢመጣስ? 6.4 አይበቃም። ግን 5 በመቶስ ይበቃ ነበር? እሱም አይበቃም፤ 47 ላይ ያወርደናል። 201 ሰው ብንጠይቅም እዚያው በጥርጣሬ ውስጥ ነበርን። ያቺን 1.4 ነጥብ ለመግዛት 51 ሰው መጨመር ለዚህ ውሳኔ ያን ያህል አይጠቅምም። ገምጋሚዋ «0.05ን ማን ወሰነው?» ያሉት ይህንን ነበር። መወሰን ያለበት ውሳኔው ነው።

ከዚህ ጋር የተያያዘ፣ ብዙ ሰው ዘግይቶ የሚያስታውሰው ነገር አለ። ከ420ዎቹ 120ዎቹ ሴቶች ናቸው። ሪፖርቱ ሲወጣ ሁሉም ሰው «ሴቶቹስ?» ብሎ እንደሚጠይቅ ታውቃላችሁ። 150ውን በየድርሻቸው ብናወጣ 43 ሴት ይደርሰናል። ለእነሱ ብቻ የስህተት ህዳጉ 12 በመቶ ነው! ከሴቶቹ 50 በመቶ ይሠራሉ ብትሉ፣ እውነቱ ከ38 እስከ 62 የትም ሊሆን ይችላል። ይህ ምን ይነግራል?

እኛ ምን አደረግን? 65 ሴት፣ 85 ወንድ ብለን አቀድን። ድምሩ ያው 150 ነው፤ አንድ ሳንቲም አልተጨመረም። የሴቶቹ ህዳግ ከ12 ወደ 8.3 ወረደ። የወንዶቹ ከ7.6 ወደ 9 ወጣ። የጠቅላላው ደግሞ ከ6.4 ወደ 6.9 ብቻ። ለጠቅላላው ግማሽ ነጥብ ከፍለን ስለ ሴቶቹ የሚነገር ነገር አገኘን። ማወቅ የምትፈልጉትን ክፍፍል ዕጣ ከመውጣቱ በፊት ወስኑ። በኋላ ቢቆጭ አይመለስም።

ይህን ስታደርጉ ግን ሚዛን አትርሱ። እያንዳንዷ የተጠየቀች ሴት 1.85 ሴቶችን ትወክላለች፤ 120 ሲካፈል ለ65። እያንዳንዱ ወንድ 3.53 ወንዶችን ይወክላል። እንበልና ከ65 ሴቶች 35፣ ከ85 ወንዶች 70 በሙያቸው እየሠሩ ነው። ዝም ብላችሁ ብትደምሩ ከ150 ሰው 105፣ ማለትም 70 በመቶ ነው። በሚዛን ስታሰሉት 74 በመቶ ይሆናል። ትክክለኛው 74ቱ ነው። ሴቶቹን ሆን ብለን ስላበዛናቸው፣ ስንደምር ወደ ቦታቸው መመለስ አለብን።

ሦስተኛ፣ ሳይመልሱ የሚቀሩት።

የሁለተኛው ወዳጄ ምክር ትዝ ይላችኋል? «ፎርሙን ለሁሉም ላክ።» ርካሽ ነው። ፈጣን ነው። 420 ሰው ጋ ይደርሳል። እንበልና 150 ሰው መለሰ። እኛም በመስክ 150 ሰው ነው የምንጠይቀው። ታዲያ ልዩነቱ ምንድን ነው?

ልዩነቱ ትልቅ ነው። አብረን እናስላው፤ ሚዛኑን ለጊዜው እንተወው። በሁለቱም መንገድ 105 ሰው «እሠራለሁ» አለ እንበል። በኦንላይኑ 270 ሰው ዝም ብሏል። ዝም ያሉት በሙሉ ሥራ የሌላቸው ቢሆኑስ? 105 ሲካፈል ለ420፤ 25 በመቶ። በሙሉ የሚሠሩ ቢሆኑስ? 375 ሲካፈል ለ420፤ 89 በመቶ። ከ25 እስከ 89! ይህ መልስ ነው?

አሁን ወደ ዕጣው። ከ420 ሰው 180 በዕጣ አወጣን፤ ፈልገን ፈልገን 150 አገኘን። ያመለጡን 30 ናቸው። 30ዎቹ በሙሉ ባይሠሩ 58 በመቶ፤ በሙሉ ቢሠሩ 75 በመቶ። የናሙናው ህዳግ በላዩ ይጨመራል፤ ቢሆንም በምን ይገናኛል? መጠይቁ በሁለቱም 150 ነው። አንዱ ግን ይሟገትላችኋል፣ ሌላው አይሟገትም። 6.4 የሚባለው ህዳግ የሚሠራው በዕጣ ለወጣ ናሙና ነው። በፈቃዱ ፎርም ለሞላ ሰው ያንን ፎርሙላ መጠቀም ልክ አይደለም። ሥራ ያገኘ ሰው ፎርም ለመሙላት ደስ ይለዋል። ያላገኘው ብዙ ጊዜ ያልፈዋል።

ስለዚህ ገንዘባችሁን ሰው በማብዛት ሳይሆን የወጣውን ሰው በመፈለግ ጨርሱት። ይህን ደግሜ ልናገር፤ የወጣውን ሰው በመፈለግ። እኛ ከስድስት አምስቱን እናገኛለን ብለን ስለገመትን 78 ሴትና 102 ወንድ፣ በድምሩ 180 አወጣን። አወጣጡ ቀላል ነው። ኤክሴል ላይ ከየስሙ ጎን `=RAND()` ጻፉ። ቁጥሮቹን ኮፒ አድርጋችሁ እሴታቸውን ብቻ መልሳችሁ ለጥፉ፤ አለዚያ ፋይሉ በተነካ ቁጥር ይለዋወጣሉ። ሴቶቹንና ወንዶቹን ለየብቻ በዚያ ቁጥር ደርድሩና ከላይ ቁረጡ። ያንን ፋይል አስቀምጡት። «እንዴት መረጥክ?» ሲሉህ የምታሳየው እሱን ነው።

አንድ ጠያቂያችን በሦስተኛው ቀን ደወለልኝ። «ሰውየውን አጣሁት። ግን ጓደኛው እዚሁ አለ፤ እሱም ሰልጣኝ ነበር። እሱን ልጠይቀው?» አለኝ። ድካሙ ይገባኛል፤ ፀሐዩ ላይ ቆሟል። ግን አይሆንም አልኩት። ጓደኛውን በቀላሉ ያገኘነው ሥራ ፈቶ ቤት ስለዋለ ይሆን? ወይም በሥራ ቦታው ስላለ? አናውቅም። በቀላሉ የተገኘ ሰው ዕጣ የወጣለትን ሰው አይተካም። ጠያቂያችን ያንን ሰው በሦስተኛው ሙከራ፣ ማታ ላይ፣ በእህቱ ስልክ አገኘው። ለእያንዳንዱ ሰው በተለያየ ሰዓት ቢያንስ ሦስት ሙከራ ብለን ወስነን ነበር። በየሙከራው ቀኑንና ሰዓቱን መዝግበናል።

ሪፖርቱ ላይ የጻፍነውን አንቀጽ ላንብብላችሁና ወደ ጥያቄ እንለፍ። የናሙና መጠኑን የሚያስረዳው ክፍል ይህ ብቻ ነው።

«ድግግሞሽና ያልጨረሱ ሰዎች ከተቀነሱ በኋላ የጥናቱ ሕዝብ 420 ነው። በጀቱ 150 መጠይቅ ይፈቅዳል። ሴቶችን ለይቶ ለማየት ሲባል 65 ሴቶችንና 85 ወንዶችን ለማግኘት ታቅዶ 180 ሰዎች በዕጣ ወጥተዋል። በ95 በመቶ የመተማመን ደረጃ የሚጠበቀው የስህተት ህዳግ ለጠቅላላው 6.9፣ ለሴቶች 8.3፣ ለወንዶች 9 በመቶ ነው። ውጤቶቹ በሚዛን የተሰሉ ሲሆን ስለ እነዚህ 420 ሰዎች ብቻ ይናገራሉ። ለእያንዳንዱ ሰው ቢያንስ ሦስት ሙከራ ተደርጓል፤ ያልተገኘ ሰው በሌላ አልተተካም።»

እኒያ ገምጋሚ ይህንን አንብበው አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ፦ «ያልተገኙትስ ከተገኙት በምን ይለያሉ?» የሁሉም ዕድሜ፣ ጾታና የሰለጠኑበት ሙያ ዝርዝሩ ላይ ስላለ፣ የተገኙትንና ያልተገኙትን ጎን ለጎን ያስቀመጠውን ሠንጠረዥ አውጥቼ አሳየኋቸው።

ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ። እጅ ያወጣችሁትን አይቻለሁ፤ ከኋላ ካለችው እህት እንጀምር።